ቦንዡር፣ ቦንሷር፣ ሳሉ ወይስ አ ቢያንቶ? ለአማርኛ ተናጋሪ የተዘጋጀ የፈረንሳይኛ ሰላምታና ስንብት ማነጻጸሪያ

ፈረንሳይ፣ ሊዮን ከተማ በገባሁ በሦስተኛው ሳምንት ነው። ከቀኑ 12 ሰዓት ላይ ከሥራ ስወጣ አለቃዬን «ቦን ንዊ» ብዬ ተሰናበትኳቸው። በልቤ «ደህና እደሩ» ማለቴ ነበር። አገር ቤት አመሻሽ ላይ ከቢሮ ስንወጣ የምንለው እሱን ነው፤ ነገ ጠዋት እስክንገናኝ በሰላም እደሩ ማለት ነው። እሳቸው ግን ከኮምፒውተራቸው ቀና አሉና «አሁኑኑ ሊተኙ ነው?» ብለው ጠየቁኝ። የምር ነበር የጠየቁት። ያመመኝ መስሏቸዋል።

ያን ቀን አንድ ነገር ገባኝ። ቃላቱን በቃሌ ይዣቸዋለሁ፣ ግን በአማርኛ ሰዓትና በአማርኛ ልማድ ነው የማወጣቸው። የመማሪያ መጻሕፍት ደግሞ «ቦንዡር ማለት እንደምን አደሩ ነው» ብለው ያልፋሉ። አይደለም። ቦንዡር እንደምን አደሩም፣ እንደምን ዋሉም፣ ጤና ይስጥልኝም ነው።

ስለዚህ ቃላቱን አንድ በአንድ ከመተርጎም ይልቅ መጀመሪያ መለኪያዎቹን እናስቀምጥ። ከዚያ እያንዳንዱን ቃል በነሱ እንመዝነዋለን። የምጽፈው ፈረንሳይ ውስጥ ስለሚነገረው ነው፤ ሌላ አገር ልዩነት ሲኖር እጠቅሳለሁ።

## በምን እንለካቸው?

አፋችሁን ከመክፈታችሁ በፊት አራት ጥያቄዎች አሉ።

የመጀመሪያው፦ እየገባሁ ነው እየወጣሁ? ፈረንሳይኛ ለመግቢያና ለመውጫ የተለያዩ ቃላት አሉት። ሁለቱንም በር የሚከፍቱት ጥቂቶች ናቸው።

ሁለተኛው፦ ስንት ሰዓት ነው? አማርኛ ቀኑን ለሦስት ይከፍለዋል፤ ማደር፣ መዋል፣ ማምሸት። ፈረንሳይኛ ስትገቡ የሚጠይቃችሁ ሁለት ብቻ ነው፤ ቀን ወይስ ምሽት። ስትወጡ ግን ዝርዝሩ ይበዛል።

ሦስተኛው፦ ሰውዬው ለእኔ «አንተ» ነው «እርስዎ»? በዚህ በኩል እኛ ዕድለኞች ነን። እንግሊዝኛ ብቻ የሚያውቅ ሰው «ቱ» እና «ቩ» የሚባሉትን ለመለየት ይቸገራል። እኛ ከልጅነታችን አንተንና እርስዎን ስንለይ ነው ያደግነው። «ቱ» አንተም አንቺም ነው፤ «ቩ» ደግሞ እርስዎም እናንተም ነው። አንድ ልዩነት ልብ በሉ። እኛ እርስዎ የምንለው በዋናነት ለዕድሜና ለማዕረግ ነው። እነሱ ለማያውቁት አዋቂ ሁሉ ነው፤ ሃያ ዓመት የማይሞላው የሱቅ ሻጭም «ቩ» ይባላል።

አራተኛው ለስንብት ብቻ ነው፦ መቼ ነው የምንገናኘው? ከአንድ ሰዓት በኋላ፣ ነገ፣ በቅርቡ፣ ወይስ አይታወቅም? እያንዳንዱ የራሱ ቃል አለው።

## ቦንዡር

ሰዓት፦ ከንጋት ጀምሮ እስከ አመሻሽ። ሰው፦ ማንም። አቅጣጫ፦ መግቢያ ብቻ።

ከሁሉም የምትመረጠው ቃል ይህች ናት። ለሚኒስትርም ለሕፃንም ትሆናለች። ከቀኑ 9 ሰዓት ላይ «እንደምን ዋሉ» የሚል ነገር ስትፈልጉ ሌላ ቃል አትፈልጉ፤ ያው ቦንዡር ነው። «መልካም ጠዋት» ብላችሁ «ቦን ማታን» ብትሉ ፈረንሳይ ውስጥ ግር ይላቸዋል። ካናዳ ኬቤክ ውስጥ ትሰሙታላችሁ፤ እዚያም ቢሆን ከእንግሊዝኛ የተቀዳ ነው ብለው የሚተቹት አሉ።

ከሰዓቱ ይበልጥ ማወቅ ያለባችሁ ግን ቦንዡር የምትባልበትን ቦታ ነው። ፈረንሳይ ውስጥ ሱቅ ገብታችሁ ቀጥታ «ዳቦ ስንት ነው?» ብትሉ፣ ምንም ያህል ፈገግ ብትሉ፣ ሰውየውን እንደ ዕቃ እንዳያችሁት ይቆጠራል። መጀመሪያ ቦንዡር፣ ከዚያ ትንፋሽ፣ ከዚያ ጥያቄ። የአውቶቡስ ሾፌር፣ የሐኪም ቤት መጠበቂያ ክፍል፣ አሳንሰር ውስጥ ያለ ጎረቤት፣ ሁሉም ቦንዡር ይጠብቃሉ። መጠበቂያ ክፍል ስትገቡ ለተቀመጡት ሁሉ አንዴ በዝግታ ማለት ይበቃል። ለእያንዳንዱ ሰው አይዞርም።

እ.ኤ.አ. በ2013 ኒስ ከተማ ያለ አንድ ካፌ የለጠፈው የዋጋ ሰሌዳ በዓለም ዙሪያ ታይቶ ነበር። «አንድ ቡና» ብሎ ላዘዘ 7 ዩሮ። «አንድ ቡና፣ እባክዎ» ላለ 4 ዩሮ ከ25። «ቦንዡር፣ አንድ ቡና፣ እባክዎ» ላለ 1 ዩሮ ከ40። ባለቤቱ ለቀልድ ብሎ ነው የለጠፈው፤ ፈረንሳዮች ግን ነገሩ ወዲያው ገብቷቸዋል።

ከቦንዡር በኋላ ለማታውቁት ሰው «ማዳም» ወይም «ሙስዮ» መጨመር ጥሩ ነው። ስም አያስፈልግም። ሁለቱም ለእኛ ባዕድ አይደሉም። ሙስዮን አባቶቻችን «ሙሴ» ብለው ወስደውታል፤ በምኒልክ ዘመን የነበሩ አውሮፓውያን ሙሴ ኢልግ፣ ሙሴ ሸፍኔ ይባሉ ነበር። «ማዳም» ደግሞ ቤይሩትና ዓረብ አገር የሠሩ እህቶቻችን በየቀኑ የሚሰሙት ቃል ነው። ቤይሩት የኖረች እህት እንዲያውም ቦንዡርንም ታውቀዋለች፤ ሊባኖሶች ከዓረብኛቸው ጋር ቀላቅለው ይሉታል፣ መልሱንም «ቦንዡሬን» ይሉታል፤ ሁለት ቦንዡር እንደማለት። ፈረንሳይ ስትሄድ ግን ይህን መልስ ትተወው፤ እዚያ የቦንዡር መልስ ቦንዡር ነው።

አንድ ወጥመድ አለ። ለአንድ ሰው በቀን ሁለቴ ቦንዡር አይባልም። እኛ ጠዋት «እንደምን አደርክ» ያልነውን ሰው ከሰዓት ስናገኘው «እንደምን ዋልክ» ብንለው ፍቅር ነው። እነሱ ጋ ሁለተኛው ቦንዡር «ጠዋት እንዳየሁህ ረስቼዋለሁ» ማለት ይሆናል። ደግማችሁ ካገኛችሁት ፈገግታ ይበቃል። ካልሆነም «ረቦንዡር» በሉ፤ «ደግሞ ቦንዡር» እንደማለት ነው፣ እንዳልረሳችሁት ይነግራል።

## ቦንሷር

ሰዓት፦ ከአመሻሽ እስከ ሌሊት። ሰው፦ ማንም። አቅጣጫ፦ መግቢያ፤ ማታ ከሆነ መውጫም ይሆናል።

መቼ ነው ቦንዡር ወደ ቦንሷር የሚቀየረው? በሕግ የተቆረጠ ደቂቃ የለም። አብዛኛው ሰው በእኛ 11 እና 12 ሰዓት መካከል ይቀይራል፤ እነሱ 17 እና 18 ሰዓት የሚሉት ነው። ብዙዎቻችን ስንጀምር ፀሐይን እያየን እንወስናለን። ይህ ኢትዮጵያ ውስጥ ይሠራል፤ ፀሐይዋ ዓመቱን ሙሉ 12 ሰዓት ገደማ ስለምትጠልቅ። ፓሪስ ውስጥ ግን በዲሴምበር 11 ሰዓት ሳይሞላ ይጨልማል፤ በጁን ደግሞ ከምሽቱ 4 ሰዓት ገደማ ድረስ ብርሃን ነው። በጁን ፀሐይ እስክትጠልቅ ቦንዡር ስትሉ ብታመሹ ሰው ከእራት ተነስቶ እናንተ ገና ቀን ላይ ናችሁ።

ስለዚህ ፀሐይዋን ትታችሁ የሥራ ሰዓትን ተከተሉ። ሰው ከሥራ መውጣት ሲጀምር ቦንሷር ጀምሩ። በቀዝቃዛዎቹ ወራት ሲጨልም ትንሽ ቀደም ብትሉ ማንም አይገረምም። ስትጠራጠሩ ደግሞ ሌላው ሰው ቀድሞ የሚለውን ስሙና እሱኑ መልሱ። 11 ተኩል ላይ ቦንዡር ብላችሁ «ቦንሷር» የሚል መልስ ቢመጣ እርማት አይደለም። እሱ ቀድሞ አምሽቷል፣ በቃ።

በኢሜይል ግን ቦንሷርን ባትጠቀሙ ይሻላል። ማታ ጽፋችሁ ሰውየው ጠዋት ሊያነበው ይችላል። ቦንዡር ሁልጊዜ ይሆናል።

## «ሳሉ»

ሰዓት፦ ምንም አይገድበውም። ሰው፦ «ቱ» የምትሉት ብቻ። አቅጣጫ፦ መግቢያም መውጫም።

«ሳሉ» በአጻጻፉ መጨረሻ ላይ «ት» አለው፣ ግን አይነበብም። «ሉ»ውም የእኛ «ሉ» አይደለም። ከንፈራችሁን ለ«ኡ» እንዳሞጠሞጣችሁ «ኢ» ለማለት ሞክሩ፤ የሚወጣው ድምፅ እሱ ነው።

ብዙ ሰው «ሳሉ ማለት ሰላም ነው» ብሎ ይማረዋል። ጉዳቱ የሚጀምረው እዚህ ላይ ነው። የእኛ «ሰላም» ሰፊ ነው፤ ታክሲ ውስጥ ለማናውቀው ሰው «ሰላም ነው?» ብንል ነውር የለውም። «ሳሉ» ግን ጠባብ ነው። ለሥራ ባልደረባ፣ ለጓደኛ፣ ለክፍል ጓደኛ፣ ለእኩያ ዘመድ ነው። ለባንክ ሠራተኛ፣ ለልጃችሁ መምህርት፣ ለጎረቤት አዛውንት አይሆንም። «ሳሉ ማዳም» ማለት «አንቺ እትዬ፣ እንዴት ነሽ» እንደማለት ነው፤ ግማሹ ድፍረት ግማሹ አክብሮት፣ አይገጥምም።

መለኪያው ቀላል ነው። ሰውየውን «ቱ» ትሉታላችሁ? «ሳሉ» ይቻላል። «ቩ» ትሉታላችሁ? ቦንዡር። አለቃችሁ ራሱ «ቱ እንባባል» ካላችሁ ወይም ራሱ «ሳሉ» ብሎ ከጀመረ መንገዱ ተከፈተ። እስከዚያ ቦንዡር ምንም አያጎድልም። ጓደኛን ቦንዡር ቢሉት ትንሽ መደበኛ ይመስል ይሆናል እንጂ አያስቀይምም። እንግዳን «ሳሉ» ማለት ግን ያስቀይማል። ሁለቱ ስህተቶች እኩል ስላልሆኑ፣ ስትጠራጠሩ ወደ ቦንዡር አዘንብሉ።

ከ«ሳሉ» የባሰ ቅርበት ያለው «ኩኩ» አለ። ለልጅ፣ ለእህት፣ ለልብ ጓደኛ። ብዙውን ጊዜ በሞባይል መልእክት መጀመሪያ ላይ ታዩታላችሁ። የሞባይሉን ነገር ካነሳን፣ bjr ብሎ የጻፈላችሁ ሰው ቦንዡር ማለቱ ነው፣ slt ደግሞ «ሳሉ» ነው። ለቤት አከራይ ወይም ለመሥሪያ ቤት ግን ቃሉን ሙሉ ጻፉት።

## ስንብት፦ ትልቁ ልዩነት እዚህ ነው

እኔን የጣለኝ በር ይህ ስለሆነ ትንሽ ልቆይበት።

ፈረንሳይኛ ሁለት ዓይነት «ቀን» አለው። «ዡር» ቀኑን እንደ አንድ ነጥብ ያየዋል፤ «ዡርኔ» ቀኑን እንደ ርዝመት፣ እንደሚዋልበት ነገር ያየዋል። እንዲሁ «ሷር» ምሽት ነው፤ «ሷሬ» ደግሞ የሚመሽበት ጊዜ ነው። ስትገናኙ በነጥቡ ሰላም ትላላችሁ፦ ቦንዡር፣ ቦንሷር። ስትለያዩ ከፊት የቀረውን ርዝመት ትመኛላችሁ፦ «ቦን ዡርኔ»፣ «ቦን ሷሬ»። አማርኛውን ካሰባችሁ ግልጽ ነው። «እንደምን ዋላችሁ» የመጣ ሰው ነው የሚለው፣ «ደህና ዋሉ» የሚሄድ ሰው ነው። እኛ በ«እንደምን» እና በ«ደህና» የምንለየውን እነሱ በቃሉ ጭራ ይለዩታል።

ስለዚህ ጠዋትና ረፋድ ላይ ስትወጡ «ቦን ዡርኔ»። ከምሳ ሰዓት እስከ 10 ሰዓት ገደማ «ቦናፕሬሚዲ» ማለት ይቻላል፤ የከሰዓቱ ምኞት ነው፣ ለመውጫ ብቻ። ከ11 ሰዓት ጀምሮ «ቦን ሷሬ»።

«ቦን ንዊ» ደግሞ የመኝታ ቃል ነው። ሰውየው ወይም እናንተ ወደ አልጋ ስትሄዱ ብቻ። ለልጅ ሲተኛ፣ አብሮ ለሚኖር ሰው፣ ለሆቴል እንግዳ ቁልፍ ሲቀበል። ከምሽቱ 1 ሰዓት ከሱቅ ስትወጡ አይሆንም። የእኛ «ደህና እደሩ» ግን ሁለቱንም ይሸፍናል፤ ነገ እስክንገናኝ ማለትም ነው፣ ተኙ ማለትም ነው። ለዚህ ነው በቀጥታ ስንተረጉመው የምንሳሳተው። ከአመሻሽ በኋላ «ደህና እደሩ» ወደ አፋችሁ ሲመጣ ሰውየው ፒጃማ ለብሶ ይታያችኋል? ካልታያችሁ «ቦን ሷሬ» በሉ።

«ኦ ረቯር» ለሁሉም ሰው፣ በሁሉም ሰዓት ይሆናል። ትርጉሙ «እስክንተያይ» ነው፤ ግን ዳግም የማታዩትን የባቡር ጣቢያ ትኬት ሻጭም ትሉታላችሁ። ብቻውን ትንሽ ይደርቃል። «ሜርሲ፣ ኦ ረቯር፣ ቦን ዡርኔ» ሦስቱን አከታትሎ ማለት የተለመደው አወጣጥ ነው። በፍጥነት ሲነገር «ኦርቯር» ይሆናል፣ አትደናገጡ።

## አ ቢያንቶና ዘመዶቹ

እዚህ የሚለየው አራተኛው መለኪያ ነው፤ መቼ እንገናኛለን።

«አ ቢያንቶ» በቅርቡ እንገናኝ ነው። ቀን አልተቆረጠም፣ ግን መገናኘታችን አይቀርም። ቀናት ወይም ሳምንታት ይሁኑ፣ አይቆጠርም። ለ«ቱ»ም ለ«ቩ»ም ይሆናል። በየሳምንቱ የምትሄዱበት ጸጉር ቤት፣ የልጃችሁ ጓደኛ እናት፣ ኢሜይል የተለዋወጣችሁት ሰው፣ ለነዚህ ሁሉ ጥሩ ነው። ቀኑ የታወቀ ከሆነ ግን ቀኑን ብትጠሩ ይሻላል፦ «አ ደማን» እስከ ነገ፣ «አ ለንዲ» እስከ ሰኞ። ነገ ጠዋት ለምታገኙት ባልደረባ «አ ቢያንቶ» ብትሉት «ነገ አትመጣም እንዴ?» ሊል ይችላል።

ዛሬውኑ ተመልሳችሁ የምትገናኙ ከሆነ «አ ቱታ ለር»። ለምሳ ወጥታችሁ ስትመለሱ የምታገኙትን ሰው እንዲህ ትሉታላችሁ። «አ ፕሉ ታር» ከዚህ ትንሽ ይላላል፤ በኋላ እንገናኝ ነው። ወጣቶች አሳጥረው «አ ፕሉስ» ይሉታል፣ ሲጽፉት A+ ይሆናል። እዚህ ላይ መጨረሻው «ስ» ይነበባል፤ «አ ፕሉ ታር» ላይ ግን አይነበብም። አጭሩ ለ«ቱ» ሰዎች ብቻ ነው።

ስለ «አ ቢያንቶ» አንድ የግል አስተያየት አለኝ። የሥራ ቃለ መጠይቅ ጨርሳችሁ ስትወጡ አትጀምሩት። «እንደምትቀጥሩኝ አውቃለሁ» ሊመስል ይችላል። «ኦ ረቯር፣ ቦን ዡርኔ» ንጹሕ ነው። እነሱ «አ ቢያንቶ» ካሏችሁ መልሱላቸው፣ ግን እንደ ቃል ኪዳን አትያዙት። አንድ ወዳጄ ይህችን ቃል ይዞ ሁለት ሳምንት ሌላ ቦታ ሳያመለክት ጠብቋል። ጨዋነት ነበር እንጂ ውሳኔ አልነበረም።

«አዲዩ» የመጨረሻ ስንብት ነው። ለዘላለም ለሚለያይ ሰው ይባላል፤ ለጓደኛ በዋዛ አይባልም። ደቡብ ምዕራብ ፈረንሳይና ፈረንሳይኛ ተናጋሪው ስዊዘርላንድ ውስጥ ግን በሚተዋወቁ ሰዎች መካከል ለሰላምታም ይሉታል። ጄኔቫ ያላችሁ ብትሰሙት አትደንግጡ።

«ቻው»ንም ይጠቀማሉ። እኛም እነሱም ከጣልያንኛ ነው የወሰድነው፤ ጣልያኖች ሲገናኙም ሲለያዩም ሲሉት፣ እኛና ፈረንሳዮች ለመለያየት ብቻ አስቀርተነዋል። ደረጃው ከ«ሳሉ» ጋር እኩል ነው።

## በአንድ ዓይን ለማየት

| ቃል | መግቢያ / መውጫ | ሰዓት (በእኛ አቆጣጠር) | ለማን | ከአማርኛ የሚቀርበው |
|---|---|---|---|---|
| ቦንዡር | መግቢያ | ከጠዋት እስከ 11–12 ሰዓት | ለሁሉም | እንደምን አደሩ / ዋሉ |
| ቦንሷር | መግቢያ፣ ማታ መውጫም | ከ11–12 ሰዓት በኋላ | ለሁሉም | እንደምን አመሹ |
| ሳሉ | ሁለቱም | ሁልጊዜ | ለ«ቱ» ብቻ | እንዴት ነህ / ቻው |
| ኩኩ | መግቢያ | ሁልጊዜ | ለልብ ወዳጅና ቤተሰብ | የለውም |
| ኦ ረቯር | መውጫ | ሁልጊዜ | ለሁሉም | ደህና ይሁኑ |
| ቦን ዡርኔ | መውጫ | ጠዋትና ረፋድ | ለሁሉም | ደህና ዋሉ |
| ቦን ሷሬ | መውጫ | ከ11 ሰዓት በኋላ | ለሁሉም | ደህና አምሹ |
| ቦን ንዊ | መውጫ | ወደ መኝታ ሲሄዱ ብቻ | ለሚተኛ ሰው | ደህና እደሩ (ለመኝታ) |
| አ ቱታ ለር | መውጫ | ዛሬውኑ ስትገናኙ | ለሁሉም | መጣሁ / በኋላ እንገናኝ |
| አ ደማን | መውጫ | ነገ ስትገናኙ | ለሁሉም | ነገ እንገናኝ |
| አ ቢያንቶ | መውጫ | ቀኑ ሳይቆረጥ | ለሁሉም | በቅርቡ እንገናኝ |
| አ ፕሉስ | መውጫ | ቀኑ ሳይቆረጥ | ለ«ቱ» ብቻ | በቃ እንገናኝ |

## አንድ ቀን፣ ከጠዋት እስከ ማታ

ሠንጠረዡ ደረቅ ነው፤ ስለዚህ አንድ የሥራ ቀን እንከተል። አንዲት የማውቃት ልጅ አረጋውያን በሚጦሩበት ቤት ከሰዓት ፈረቃ ትሠራለች።

ጠዋት 3 ሰዓት ዳቦ ቤት ትገባለች። «ቦንዡር ማዳም» ትላለች፣ ባለ ሱቋ እስክትመልስላት ትጠብቃለች፣ ከዚያ ባጌቷን ታዛለች። ስትወጣ «ሜርሲ፣ ኦ ረቯር፣ ቦን ዡርኔ»። 7 ሰዓት ሊሞላ ሲል አውቶቡስ ትሳፈራለች፤ ለሾፌሩ «ቦንዡር»።

ሥራ ስትደርስ ልብስ መቀየሪያው ክፍል ውስጥ ሦስት ባልደረቦቿ አሉ። «ሳሉ» ትላለች፤ ሁሉም በ«ቱ» ነው የሚነጋገሩት። ኮሪደር ላይ ዋና ነርሷን ታገኛለች። እሳቸውን «ቩ» ነው የምትላቸው፤ ስለዚህ «ቦንዡር ማዳም»። 9 ሰዓት ላይ እኚሁን ነርስ እንደገና ስታገኝ ምንም አትልም፤ ራሷን ነቅነቅ አድርጋ ፈገግ ትላለች። 10 ሰዓት ላይ ለእረፍት ስትወጣ አብራት ለምትሠራው «አ ቱታ ለር»።

12 ሰዓት ተኩል ላይ የአንዲት አዛውንት ልጅ ሊጠይቃቸው ይመጣል። «ቦንሷር ሙስዮ»። ጁን ነው፣ መስኮቱ ላይ ፀሐይ ፍንትው ብላለች፣ ግን ሰዓቱ የምሽት ነው። ሰውየው ሲወጣ ገና ከተማ ውስጥ እራት ሊበላ ነው፤ ስለዚህ «ቦን ሷሬ»።

ከምሽቱ 2 ሰዓት አዛውንቷን አስተኝታ ብርድ ልብሱን ታስተካክላለች፣ መብራቱን ዝቅ ታደርጋለች። አሁን «ቦን ንዊ» ትላለች። በቀኑ ውስጥ ይህች ቃል በትክክል የገባችው እዚህ ጋ ብቻ ነው።

3 ሰዓት ላይ ፈረቃዋ ያልቃል። አብረዋት ለሚወጡት «ቦን ሷሬ፣ አ ደማን»። ለሌሊት ተረኛዋ ግን «ቦን ሷሬ» አይስማማትም፤ ሴትዮዋ ገና ሥራ ልትጀምር ነው። ለሷ «ቦን ኩራዥ» ትላታለች፤ የእኛ «በርቺ» ነው። ገና ሥራ ለሚቀረው ሰው የሚባለው እሱ ነው።

## ለእናንተ የቱ ይሻላል?

ለጉብኝት ለአንድ ሳምንት የምትሄዱ ከሆነ ሦስት ቃል ይበቃችኋል፦ ቦንዡር፣ ቦንሷር፣ ኦ ረቯር። «ሳሉ»ን ጭራሽ አትያዙት። በአንድ ሳምንት «ቱ» የምትሉት ሰው አይኖራችሁም።

ለትምህርት የምትሄዱ ከሆነ ለእኩዮቻችሁ ከመጀመሪያው ቀን «ሳሉ» እና «አ ፕሉስ» ያስፈልጓችኋል። ተማሪዎች ወዲያው በ«ቱ» ነው የሚነጋገሩት፤ ቦንዡር እያላችሁ ብትቆዩ ራቅ ያላችሁ ትመስላላችሁ። ለመምህራን ግን ሁልጊዜ ቦንዡር። ኢሜይልም ስትጽፉ «ቦንዡር ማዳም» ወይም «ቦንዡር ሙስዮ» ብላችሁ ጀምሩ።

ሥራ ለምትጀምሩ፣ የመጀመሪያውን ሳምንት ለሁሉም ቦንዡር በሉና ጆሯችሁን ክፈቱ። ማን ማንን «ሳሉ» እንደሚል በጥቂት ቀን ይታወቃል። የስንብት ቃላቱን ግን ከመጀመሪያው ቀን ያዙ፤ «ቦን ሷሬ፣ አ ደማን» በየማታው ያስፈልጋችኋል።

ለመኖሪያ ፈቃድና ለመሳሰለው ጉዳይ መሥሪያ ቤት የምትመላለሱ ከሆነ፣ ወረቀታችሁን መስኮቱ ላይ ከማስቀመጣችሁ በፊት «ቦንዡር ማዳም» በሉና ዓይን ለዓይን ተያዩ። ስትጨርሱ፣ መልሱ ደስ ባይላችሁም፣ «ሜርሲ፣ ኦ ረቯር»። ሰልፍ ረዝሞ፣ ልባችሁ ተጨንቆ ስለሚሆን ቃሉ የሚረሳው እዚህ ነው። እኔ ተራዬ ሲቃረብ በልቤ እለማመደው ነበር።

ሞንትሪያል ያላችሁ ደግሞ ሌላ ነገር ይጠብቃችኋል። ሱቅ ስትገቡ «ቦንዡር፣ ሃይ» የሚል ሰላምታ ትሰማላችሁ፤ በየትኛው ቋንቋ ላስተናግድዎ ማለት ነው። እ.ኤ.አ. በ2017 የኬቤክ ምክር ቤት ነጋዴዎች «ቦንዡር» ብቻ እንዲሉ የሚጋብዝ የውሳኔ ሐሳብ በሙሉ ድምፅ አጽድቋል፤ ጉዳዩ ለእነሱ የቋንቋ ህልውና ነው። እናንተ በቦንዡር ብትመልሱ በፈረንሳይኛ ይቀጥላሉ። ለመለማመድ ከፈለጋችሁ ያንን ምረጡ። ደግሞም እዚያ ስትወጡ ሻጩ «ቦንዡር» ብሎ ቢሸኛችሁ ትክክል ነው፤ ኬቤክ ውስጥ ቦንዡር ለመውጫም ይሆናል።